ወርሃዊ የብድር ክፍያ እንዴት ይሰላል? ከPMT እስከ መጨረሻዋ ረድፍ

600,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ በ5 ዓመት ለመመለስ ተበድረዋል እንበል። በየወሩ 15,236 ብር ከ06 ሳንቲም ሳያዛንፉ ለአንድ ዓመት ከከፈሉ በኋላ «አሁን ስንት ቀረብኝ?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ 518,674 ብር ገደማ ነው። በዓመቱ ውስጥ ከኪስዎ የወጣው 182,833 ብር ያህል ሲሆን ከዕዳው ላይ የተቀነሰው ግን 81,326 ብር ብቻ ነው። የቀረው 101,507 ብር ወለድ ሆኗል።

ብዙ ተበዳሪ ይህን ቁጥር ሲሰማ «ባንኩ ወለዱን አስቀድሞ ይሰበስባል፤ ዋናውን የሚነካው በኋላ ነው» ብሎ ይደመድማል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በዚህ ዓይነት ብድር ላይ ወለድ የሚታሰበው በየወሩ፣ በዚያ ወር እጅዎ ላይ ባለው ቀሪ ዕዳ ላይ ብቻ ነው። አስቀድሞ የተወሰደ ወለድ የለም። ይህን በቃል ከማመን ሰንጠረዡን በራስ እጅ መሥራትና ማየት ይሻላል። የሚያስፈልገው ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ፣ ከብድር ውሉ ላይ የሚገኙ ሦስት ቁጥሮችና ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የትኞቹን ቃላት መለየት ያስፈልጋል?

ዋና ገንዘብ የሚባለው የተበደሩት ብር ራሱ ነው። ወለድ ገንዘቡን ይዘው ለቆዩበት ጊዜ የሚከፍሉት ዋጋ ነው። ቀሪ ዕዳ ደግሞ ከዋናው ገንዘብ ውስጥ እስከ ዛሬ ያልተመለሰው ነው። ወርሃዊ ክፍያው ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል፦ በመጀመሪያ የወሩን ወለድ ይሸፍናል፣ የተረፈው ከዋናው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። ይህን ክፍፍል ወር በወር ጽፎ የሚያሳየው ዝርዝር የብድር መክፈያ ሰንጠረዥ ይባላል፤ የባንክ ሰዎች አሞርታይዜሽን የሚሉትም እሱኑ ነው።

የወለዱ መጠን በዓመት 18 በመቶ ከሆነ በወር 1.5 በመቶ ነው፤ 18ን ለ12 ማካፈል ነው። የክፍያው ብዛትም 5 ዓመት ሳይሆን 60 ወር ነው። ክፍያው ወርሃዊ ስለሆነ የወለዱ መጠንም፣ ጊዜውም በወር መለካት አለባቸው። በዚህ ስሌት ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት እነዚህ ሁለቱ በተለያየ መለኪያ ሲገቡ ነው።

PMT ምን ያደርጋል?

PMT የሚባለው የኤክሴልና የጉግል ሺትስ ቀመር አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ በየወሩ እኩል ብር ብከፍል፣ በመጨረሻው ወር ዕዳዬ ልክ ዜሮ እንዲሆን ያ ብር ስንት መሆን አለበት?

በኤክሴል ውስጥ ሦስቱን ቁጥሮች እንዲህ እናስቀምጣቸው። B1 ላይ የብድሩ መጠን፣ B2 ላይ የዓመቱ ወለድ፣ B3 ላይ የወሮቹ ብዛት፣ B4 ላይ ደግሞ ቀመሩ ይገባል።

```
B1: 600000
B2: 18%
B3: 60
B4: =ROUND(-PMT(B2/12,B3,B1),2)
```

ውጤቱ 15,236.06 ነው። ከPMT ፊት የገባችው የመቀነስ ምልክት ያለ ምክንያት አልተጻፈችም። ኤክሴል ገንዘብን በአቅጣጫው ይለያል፤ ወደ እርስዎ የመጣውን 600,000 ብር አዎንታዊ ብለው ካስገቡ፣ ከእርስዎ የሚወጣውን ክፍያ አሉታዊ አድርጎ ይመልሳል። ምልክቷ ክፍያውን ለንባብ እንዲመች አዎንታዊ ታደርገዋለች። ROUND ደግሞ ውጤቱን ወደ ሳንቲም ያጠጋጋል፤ ማንም ሰው ከሳንቲም ያነሰ ገንዘብ ባንክ ሄዶ ሊከፍል አይችልምና። አንዳንድ ኮምፒውተሮች በነጠላ ሰረዝ ፋንታ ሴሚኮለን ; ይጠይቃሉ፤ ቀመሩ አልቀበል ካለ መጀመሪያ መሞከር ያለበት እሱ ነው።

ይህ 15,236 ብር ከየት መጣ?

PMTን እንደ ተዘጋ ሳጥን መጠቀም ይቻላል፤ ውስጡን አንድ ጊዜ ማየት ግን ብዙ ያስረዳል።

በመጀመሪያ ምንም ሳይከፈል 60 ወር ቢያልፍ ዕዳው የት እንደሚደርስ እናስብ። በየወሩ 1.5 በመቶ እየጨመረ፣ ጭማሪውም ራሱ እየወለደ ሲሄድ፣ 600,000 ብሩ በ60ኛው ወር 1,465,932 ብር ገደማ ይሆናል። አንድ ብር በዚህ መጠን ለ60 ወር ስትወልድ 2.4432 ብር ስለምትሆን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን እንይ። በየወሩ መጨረሻ አንድ ብር እያስቀመጡ ያው 1.5 በመቶ ቢታሰብልዎ በ60ኛው ወር 96.2147 ብር ይኖርዎታል። የመጀመሪያዋ ብር 59 ወር ትወልዳለች፣ የመጨረሻዋ ምንም አትወልድም፤ ድምሩ ይህ ነው።

ዕዳው እንዲያልቅ የክፍያዎቹ ድምር ከነወለዳቸው ያደገውን ዕዳ መድረስ አለበት። ስለዚህ 1,465,932ን ለ96.2147 ስናካፍል 15,236.06 ይወጣል። PMT የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ባንኩ በፈለገው መንገድ የሚሰፍረው ቁጥር አይደለም። አጠር ብሎ ሲጻፍ፣ L ብድሩ፣ r የወሩ ወለድ፣ n የወሮቹ ብዛት ሆነው፦

```
L * r / (1 - (1 + r)^-n)
```

ሰንጠረዡ ረድፍ በረድፍ እንዴት ይሠራል?

PMT ክፍያውን ብቻ ይነግርዎታል፤ ከክፍያው ውስጥ ስንቱ ወለድ፣ ስንቱ ዋና ገንዘብ እንደሆነ አይነግርዎትም። ለዚያ ነው ሰንጠረዡ የሚያስፈልገው።

በ6ኛው ረድፍ ላይ ርዕሶቹን ይጻፉ። A ላይ የክፍያው ተራ ቁጥር፣ B ላይ የመነሻ ዕዳ፣ C ላይ ክፍያ፣ D ላይ ወለድ፣ E ላይ ለዋናው የዋለ፣ F ላይ ቀሪ ዕዳ። የመጀመሪያው ወር በ7ኛው ረድፍ ላይ እንዲህ ይገባል።

```
A7: 1
B7: =B1
C7: =IF(A7=$B$3,B7+D7,$B$4)
D7: =ROUND(B7*$B$2/12,2)
E7: =ROUND(C7-D7,2)
F7: =ROUND(B7-E7,2)
```

በቃል እናንብበው። ወሩ ሲጀመር 600,000 ብር አለብዎት። የወሩ ወለድ 1.5 በመቶ ነውና 9,000 ብር ይሆናል። ከከፈሉት 15,236.06 ላይ 9,000 ሲነሳ 6,236.06 ይተርፋል፤ ዕዳውን የሚቀንሰው ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀሪው 593,763.94 ይሆናል።

በ8ኛው ረድፍ ላይ የሚለወጡት ሁለት ሴሎች ብቻ ናቸው። ተራ ቁጥሩ ባለፈው ላይ አንድ ይጨምራል፣ የመነሻው ዕዳ ደግሞ ያለፈው ወር ቀሪ ነው።

```
A8: =A7+1
B8: =F7
```

የሰንጠረዡ ልብ ይህ B8 ላይ ያለው ትንሽ ቀመር ነው። እያንዳንዱ ወር ካለፈው ወር ጋር የሚያያዘው በእሱ ብቻ ነው። ከC7 እስከ F7 ያሉትን ወደ 8ኛው ረድፍ ይቅዱ፤ ከዚያ 8ኛውን ረድፍ ሙሉውን ይዘው እስከ 66ኛው ረድፍ ወደ ታች ይጎትቱ። 60ኛው ክፍያ 66ኛው ረድፍ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንዲህ ሆነው መታየት አለባቸው።

| ወር | የመነሻ ዕዳ | ክፍያ | ወለድ | ለዋናው | ቀሪ ዕዳ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1 | 600,000.00 | 15,236.06 | 9,000.00 | 6,236.06 | 593,763.94 |
| 2 | 593,763.94 | 15,236.06 | 8,906.46 | 6,329.60 | 587,434.34 |
| 3 | 587,434.34 | 15,236.06 | 8,811.52 | 6,424.54 | 581,009.80 |

ሁለተኛውን ወር በካልኩሌተር ያረጋግጡ። 593,763.94ን በ0.015 ያባዙ፣ 8,906.46 ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ወለድ በ93.54 ብር አንሷል፤ ዕዳው በ6,236.06 ስለቀነሰ የዚያ 1.5 በመቶ ወለድ ቀረ ማለት ነው። ያ የቀረው 93.54 ብር የትም አልጠፋም፤ ክፍያው ስላልተለወጠ ወደ ዋናው ተሻግሮ 6,236.06ን 6,329.60 አድርጎታል። ከዚህ በኋላ ያሉት ሃምሳ ስምንት ረድፎች ይህንኑ ይደግማሉ።

የመጨረሻው ረድፍ ለምን የተለየ ቀመር አስፈለገው?

C7 ላይ ያለው IF ለመጨረሻው ወር ብሎ የተጻፈ ነው። ትክክለኛው ክፍያ 15,236.0565 ገደማ ነበር፤ እኛ ወደ 15,236.06 አጠጋግተነዋል። በየወሩ ከግማሽ ሳንቲም ያነሰ ትርፍ እንከፍላለን። ይህ ትርፍ ሲጠራቀም በ60ኛው ወር ዕዳው ዜሮ ላይ አያርፍም፤ በጥቂት ሳንቲሞች ያልፈዋል። ቀመሩ «የመጨረሻው ወር ከሆነ የቀረውን ዕዳና የወሩን ወለድ ብቻ ክፈል» ስለሚል፣ የመጨረሻው ክፍያ ከሌሎቹ በጥቂት ሳንቲም ያንሳል፣ ቀሪውም ልክ 0.00 ይሆናል። በባንክዎ ሰንጠረዥ ላይ የመጨረሻው ክፍያ በትንሹ ከተለየ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አንዳንዶች ROUNDን ትተው ሴሉን ብቻ በሁለት አሃዝ እንዲታይ ያደርጉታል። ያኔ ዓይን የሚያየውና ኤክሴል የሚደምረው ይለያያሉ፤ በካልኩሌተር ሲደመር ሳንቲሙ አልገጥም ይላል። ሰንጠረዡን ከባንክ ሂሳብ ጋር ለማስተያየት ከፈለጉ የሚታየው ቁጥር ራሱ የሚሰላው ቁጥር መሆን አለበት።

ሥራው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። F66 ላይ 0 መኖሩን፣ እና የሚከተለው ድምር በትክክል 600,000 መሆኑን።

```
=SUM(E7:E66)
```

የD ዓምድ ድምር ደግሞ የብድሩን ሙሉ ወለድ ይሰጣል፤ ወደ 314,163 ብር ነው። ይህ ቁጥር ከመፈረም በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነው። ወርሃዊ ክፍያው ብቻ ለአቅም ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ 600,000 ብር ለመመለስ በጠቅላላ 914,163 ብር ገደማ እንደሚወጣ የሚናገረው ግን ይህ ዓምድ ነው።

ታዲያ መጀመሪያ ላይ ወለዱ ለምን ይበዛል?

በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ያለ ቡሖ ያስቡ። በየወሩ ካለው መጠን በ1.5 በመቶ ኩፍ ይላል፤ እርስዎ ደግሞ በየወሩ አንድ ዓይነት መጠን እየቆረጡ ያወጣሉ። መጀመሪያ ቡሖው ብዙ ስለሆነ ጭማሪውም ብዙ ነው፤ ከቆረጡት ውስጥ የሚበልጠው ያንኑ ወር ኩፍ ያለውን ብቻ ያስወግዳል። ቡሖው እያነሰ ሲሄድ ጭማሪው እየቀነሰ፣ እያንዳንዱ ቁራሽም ከነባሩ ላይ የሚያነሳው እየበዛ ይሄዳል። ማንም አስቀድሞ የወሰደው የለም፤ መጠኑ ትልቅ በነበረበት ጊዜ ጭማሪውም ትልቅ ነበር።

ሰንጠረዡን ወደ ታች ሲከተሉት ይህን በቁጥር ያዩታል። እስከ 14ኛው ክፍያ ድረስ ከክፍያው የሚበልጠው ወለድ ነው። በ15ኛው ላይ ይገለበጣል፤ ለዋናው የሚውለው ከወለዱ መብለጥ ይጀምራል። ግማሹ ጊዜ ሲያልቅ፣ ማለትም ከ30 ክፍያ በኋላ፣ ቀሪው ዕዳ ገና 365,907 ብር ገደማ ነው፤ ከተበደሩት 61 በመቶ። ዕዳው ከ300,000 ብር በታች የሚወርደው ከ37ኛው ክፍያ በኋላ ነው። በመጨረሻው ወር ግን ወለዱ 225 ብር ብቻ ይሆናል።

መኪናውን ወይም ቤቱን በመሃል ሸጦ ዕዳውን መዝጋት ለሚያስብ ሰው ይህ የF ዓምድ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። «ግማሹን ጊዜ ስለከፈልኩ ግማሹ ዕዳ ነው የቀረኝ» ብሎ ዋጋ የተደራደረ ሰው በዚህ ብድር ላይ በ66,000 ብር ገደማ ይሳሳታል።

ቁጥሩ ሲሳሳት በምን ይታወቃል?

ወርሃዊ ክፍያው ልክ መሆኑን በአእምሮ ለመመዘን ሁለት ወሰኖች አሉ። 600,000ን ለ60 ቢያካፍሉ 10,000 ነው፤ ወለድ ስላለ ክፍያው ከዚህ መብለጥ አለበት። የመጀመሪያው ወር ወለድ 9,000 ነው፤ ክፍያው ከዚህም መብለጥ አለበት፣ አለዚያ ዕዳው እየከፈሉ ያድጋል። ሁለቱን ቢደምሩ ደግሞ 19,000 ይመጣል፤ ትክክለኛው ክፍያ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ከ10,000 እስከ 19,000 ባለው ውስጥ ካልወደቀ አንድ ነገር ተሳስቷል።

ለ12 ማካፈሉ ከተረሳ PMT ከ108,000 ብር በላይ ይመልሳል፤ 18 በመቶውን የወር ወለድ አድርጎ ስላነበበው ነው። በ60 ፋንታ 5 ከገባ ከ125,000 ብር በላይ ይወጣል፤ ብድሩን በ5 ወር ክፈል ማለት ነው። 18 ያለ መቶኛ ምልክት ከገባ ደግሞ በወር 900,000 ብር ይላል። እነዚህ ጮክ ብለው የሚናገሩ ስህተቶች ስለሆኑ አይጎዱም።

ትንሽ የሚያደናግረው የ$ ምልክት ሲረሳ የሚመጣው ነው። D7 ላይ $B$2 በማለት ፋንታ B2 ተብሎ ከተጻፈ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ፍጹም ትክክል ይሆናል። ወደ ታች ሲቀዳ ግን D8 ወለዱን ከB3 ይፈልጋል፤ እዚያ ያለው 60 ነው። የሁለተኛው ወር ወለድ ከ2.9 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያው ረድፍ ልክ ሆኖ ሁለተኛው ካበደ ችግሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የ$ ነው።

የባንኩ ሰንጠረዥ ከእኔ ጋር ለምን አልገጠመም?

እስካሁን የሠራነው ሁሉም ወሮች እኩል ናቸው ብሎ ነው። ወለድን በቀን የሚያስቡ ባንኮች አሉ። በእነሱ ስሌት በመጀመሪያው ወር 31 ቀን ካለ፣ በ600,000 ብር ላይ ወለዱ 9,172.60 ይሆናል፤ 28 ቀን ብቻ ካለው 8,284.93። በአንድ ወር ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ ማንንም ሊያስደነግጥ ይችላል፣ ግን ስህተት አይደለም። ሰንጠረዡን ለዚህ ለማስማማት በH ዓምድ ላይ የየወሩን ቀናት ብዛት ይጻፉና D7ን እንዲህ ለውጠው ወደ ታች ይቅዱት።

```
D7: =ROUND(B7*$B$2*H7/365,2)
```

የቀረው ቀመር አይነካም። PMT ግን እኩል ወሮችን ስለሚገምት የመጨረሻው ክፍያ በሳንቲም ሳይሆን በብር ይለያያል። ዓመቱን 360 ቀን አድርገው የሚያሰሉም አሉ፤ ያኔ የ31 ቀኑ ወለድ 9,300 ብር ይደርሳል። በውሉ ላይ የትኛው እንደተጻፈ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌላው የልዩነት ምክንያት የወለዱ መጠን በመሃል መለወጡ ነው። ውሉ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ አሮጌው ሰንጠረዥ ከዚያ ወር በኋላ አይሠራም። የሚደረገው ቀላል ነው፦ በዚያ ወር ያለውን ቀሪ ዕዳ እንደ አዲስ ብድር፣ የቀሩትን ወሮች እንደ አዲስ ጊዜ አድርጎ PMTን እንደገና መጥራት። ለምሳሌ ከ24 ክፍያ በኋላ ቀሪው 421,440 ብር ገደማ ነው፤ ወለዱ ወደ 20 በመቶ ከፍ ቢል ለቀሩት 36 ወሮች ክፍያው ወደ 15,662 ብር ይሆናል።

በመሃል ተጨማሪ ብር ብከፍልስ?

እዚህ ላይ ሰንጠረዡ ከPMT የማይገኝ መልስ ይሰጣል። G ዓምድ ላይ «ተጨማሪ ክፍያ» የሚል ርዕስ ይጻፉና ሁለት ቀመሮችን ይለውጡ፤ ከዚያ ወደ ታች ይቅዷቸው።

```
C7: =IF(A7=$B$3,B7+D7,MIN($B$4,B7+D7))
F7: =ROUND(B7-E7-G7,2)
```

MIN የገባው ዕዳው ቀድሞ ሲያልቅ ክፍያው ከቀሪው እንዳያልፍ ነው። አሁን በ12ኛው ወር ረድፍ ላይ፣ G18 ውስጥ፣ 50,000 ያስገቡ። ቀሪው ዕዳ ከ518,674 ወደ 468,674 ይወርዳል። ወርሃዊ ክፍያው ሳይለወጥ ቢቀጥል ዕዳው በ60ኛው ሳይሆን በ54ኛው ወር ያልቃል፤ የመጨረሻው ክፍያም 8,596 ብር ገደማ ብቻ ነው። ከመክፈል የሚድኑት ወለድ 48,000 ብር ገደማ ነው።

ይህ ውጤት የሚገኘው ግን ባንኩ ተጨማሪውን ብር ያን ዕለት ከዋናው ገንዘብ ላይ ሲቀንሰው ነው። ገንዘቡ «ለሚቀጥሉት ወሮች ቅድመ ክፍያ» ተብሎ ከተያዘ ቀሪው ዕዳ አይወርድም፣ ወለዱም አይቀንስም። ስለዚህ ብሩን ሲያስገቡ ለዋናው ገንዘብ እንዲውል በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ቀድሞ በመክፈል የሚመጣ ቅጣት በውሉ ውስጥ መኖሩንም አስቀድመው ያንብቡ። በሚቀጥለው ወር የባንኩን ወለድ ከሰንጠረዡ ጋር ያስተያዩ፤ በ13ኛው ወር ላይ ወለዱ ከ7,780 ወደ 7,030 ብር ካልወረደ ብሩ ወደ ዋናው አልገባም።

«ፍላት» የሚባለው ወለድስ?

PMT የሚሠራው ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ሲታሰብ ብቻ ነው። አንዳንድ አበዳሪዎች ወለዱን እስከ መጨረሻው ድረስ በመጀመሪያው ብድር ላይ ያስባሉ፤ ይህ ፍላት ይባላል። በእኛ ምሳሌ የ600,000 ብር 18 በመቶ ለ5 ዓመት 540,000 ብር ነው። ይህ ከዋናው ጋር ተደምሮ ለ60 ሲካፈል በወር 19,000 ብር ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «18 በመቶ» ይላሉ፤ ልዩነቱ በወር 3,764 ብር ያህል፣ በ5 ዓመት ደግሞ ወደ 225,800 ብር ነው።

መሠረታዊው ልዩነት በመጨረሻው ዓመት ላይ ይታያል። በፍላት ብድር 600,000 ብሩ አብዛኛው ተመልሶ አልቆ እንኳ፣ ወለዱ የሚታሰበው ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እጅዎ ላይ እንዳለ ተደርጎ ነው። እውነተኛውን ዋጋ ለማወቅ PMTን ወደ ኋላ የሚሠራው RATE አለ፤ ክፍያውን ሰጥተውት የወለዱን መጠን ይነግርዎታል።

```
=RATE(60,-19000,600000)*12
```

መልሱ 28.9 በመቶ ገደማ ነው። አበዳሪው የነገረዎት ወርሃዊ ክፍያና የወር ብዛት ብቻ ቢሆንም እንኳ ይህ ቀመር ይሠራል፤ የአገልግሎት ክፍያ ከብድሩ ላይ ተቀንሶ እጅዎ የገባው ከ600,000 ካነሰ ደግሞ በ600000 ቦታ የገባውን ብር ይጻፉ።